ለወላጅ ስፖንሰር መሆን፦ የትኛው ገቢ ይቆጠራል? ፊርማውስ እስከ መቼ ያስራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ራይድሼር እነዳለሁ። ባለቤቴ ተቀጥራ ትሠራለች፣ በዓመት 24,500 ዶላር ታገኛለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እናቴ 67፣ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም ከአዲስ አበባ በግሪን ካርድ ማምጣት እፈልጋለሁ። እኔ በዓመት 78 ሺህ ዶላር አካባቢ አስገባለሁ፤ አንድ ጓደኛዬ ግን ገቢህ አይበቃም አለኝ። ሌላው ደግሞ የስፖንሰር ፊርማው የሚያስርህ ለ5 ዓመት ብቻ ነው ይላል። የምታውቁ ብታስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጓደኛህ የሰጋው በከንቱ አይደለም። ሁለተኛው ግን ተሳስቷል። 5 ዓመት የሚባለው ነገር ከሌላ ሕግ የመጣ ነው፣ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ከገቢው እንነሳ። 78 ሺህ ያልከው በዓመቱ መጨረሻ ድርጅቱ የሚልክልህ 1099-K ላይ ያለው ቁጥር ይመስለኛል። ያ ቁጥር ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ድርጅቱ የቆረጠው ኮሚሽን ሁሉ በውስጡ አለ። ነዳጅና የመኪና ወጪም ገና አልተቀነሰለትም። የስፖንሰር ፎርሙ I-864 ይባላል። እሱ የሚጠይቅህ ይህን ቁጥር አይደለም። የሚጠይቀው በታክስ ሪተርንህ፣ በ1040 ላይ፣ «ጠቅላላ ገቢ» የሚለውን መስመር ነው። በቅርብ ዓመታት ፎርሞች መስመር 9 ላይ ታገኘዋለህ። ከአንተ ሥራ ወደዚያ መስመር የሚደርሰው ደግሞ ስኬጁል ሲ ላይ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ትርፍ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። የ2024 ታክስህን ባላየውም፣ ሙሉ ጊዜ የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረውን ልውሰድ። ከ78,000ው ላይ ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ 19,000 ሄደ እንበል። ለሥራ 48,000 ማይል ነድተሃል እንበል። የ2024 የማይል ተመን 67 ሳንቲም ነበር፣ ስለዚህ 32,160 ዶላር ይቀነስልሃል። ስልክና ጥቃቅን ነገር 840 ጨምርበት። የሚቀረው 26,000 ዶላር ነው። ታክስ ስትከፍል ደስ ያሰኘህ ቅናሽ፣ ስፖንሰር ስትሆን ገቢህን ሲሶ አደረገው ማለት ነው። ከሾፌሮች፣ ከትራክ ባለቤቶች፣ ትንሽ ሱቅ ካላቸው ሰዎች ጋር ስሠራ በጣም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ድንጋጤ ይኸው ነው። ቤታቸው በደንብ ይተዳደራል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ድሃ ናቸው።

አሁን የሚፈለገውን እንይ። ሕጉ የሚለው፣ ገቢህ ለቤተሰብህ ብዛት ከወጣው የፌዴራል የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ማነስ የለበትም ነው። መለኪያው በየዓመቱ መጀመሪያ ይታደሳል። በ2025 ሰንጠረዥ፣ ከአላስካና ከሃዋይ ውጪ፣ ለ5 ሰው 47,062 ዶላር፣ ለ6 ሰው 53,937 ዶላር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያዛቸው፣ የአንተ ጉዳይ በመካከላቸው ነው ያለው።

ለምን 5 ወይም 6? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ቆጠራ ላይ ነው። አንተ፣ ባለቤትህና ሁለቱ ልጆች አራት ናችሁ። አንድ ዜጋ ወላጆቹን ሲያመጣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው I-130 ማመልከቻ ይገባል። እናት ባሏን በእሷ ኬዝ ላይ አስከትላ መምጣት አትችልም፣ እሱም እሷን። I-864ም እንዲሁ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በእናትህ ፎርም ላይ አራታችሁና እሳቸው፣ አምስት ትሆናላችሁ። በአባትህም ላይ እንደዚሁ አምስት። ነገር ግን አንዳቸው ቀድመው ገብተው ግሪን ካርድ ከያዙ፣ በሁለተኛው ፎርም ላይ «ከዚህ በፊት ስፖንሰር ያደረግኸውና ግዴታህ ያላለቀ ሰው» በሚለው ይቆጠራሉ። ያኔ ስድስት ይሆናል። አብረው ኢንተርቪው ቢቀርቡም ቆንስሉ ሁለቱም አንድ ቤት፣ በአንድ ሰው ገቢ ሊኖሩ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ሁልጊዜ ለስድስት አዘጋጁ እላለሁ።

በዚሁ ቆጠራ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትህን አንተ ስፖንሰር አድርገህ አምጥተሃት ከሆነ ሁለት ጊዜ አትቆጠርም። ባለቤት ብለህ አንዴ ከጻፍካት በቃ። ወንድምህን ወይም እህትህን ከዓመታት በፊት ፈርመህ አምጥተህ ከሆነ ግን፣ ሌላ ስቴት ቢኖሩም፣ ከአንተ የተሻለ ቢያገኙም፣ ዜጋ እስካልሆኑ ወይም ግዴታው በሌላ መንገድ እስካላለቀ ድረስ ይቆጠራሉ። ሰው ይህን ይረሳዋል። ፋይሉ ግን አይረሳውም።

እንግዲህ የአንተ 26,000 ብቻውን ለአምስትም አይደርስም። የባለቤትህ 24,500 ሲታከል 50,500 ይሆናል። ታክስ አብራችሁ ስለምታሠሩ መስመር 9 ላይ የሚታየውም ይኸው ድምር ነው። ይሁንና በሪተርኑ ላይ አብሮ መታየቱ ብቻ አይበቃም። የእሷ ገቢ እንዲቆጠርልህ I-864A የሚባል ፎርም ላይ መፈረም አለባት። ያ ፊርማ ደግሞ «ገቢዬን ይጠቀም» ማለት ብቻ አይደለም። እሷም ከአንተ እኩል ተጠያቂ ትሆናለች። ብትፋቱ እንኳ ግዴታዋ አይፈርስም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ገበታ ላይ ቸኩሎ የሚፈረም ወረቀት አይደለም።

50,500 ለአምስት ሰው ያልፋል። ለስድስት ግን 3,437 ዶላር ይጎድለዋል። ይህን ጉድለት የምትሞላባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፣ እኔ በማስቀድማቸው ቅደም ተከተል ልንገርህ።

አንደኛው የዘንድሮ ገቢ ነው። ሕጉ የሚያየው ያለፈውን ዓመት ታክስ ብቻ ሳይሆን አሁን እያገኛችሁ ያለውን ነው። ባለቤትህ ደመወዝ ከተጨመረላት ወይም ሰዓት ከጨመረች፣ ከአሠሪዋ ደብዳቤና የቅርብ ወራት የክፍያ ወረቀቶች አያይዛችሁ የአሁኑን ዓመታዊ ገቢዋን መጻፍ ትችላላችሁ። ለተቀጣሪ ይህ ቀላል ነው። ለአንተ ግን ከባድ ነው፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው «ዘንድሮ ይበልጥ አገኛለሁ» ቢል የሚያምነው የለም፣ ታክሱ እስኪሠራ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ንብረት ነው። ለወላጅ ሲሆን የጎደለው ገቢ በአምስት ተባዝቶ የሚያህል ንብረት ማሳየት አለብህ። ለትዳር ጓደኛ ሦስት እጥፍ ነው፣ ብዙ ሰው ያን ሰምቶ ለወላጅም ይመስለዋል። በአንተ ጉዳይ 3,437 በ5 ሲባዛ 17,185 ዶላር ነው። የባንክ ቁጠባ ይሆናል። የቤት ዋጋም ይሆናል፣ የባንክ ዕዳው ተቀንሶ የተረፈው ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት። የምትነዳት መኪና ግን አትቆጠርም፣ ሁለተኛ መኪና ከሌለህ በቀር። ቁጠባ የምታሳይ ከሆነ የ12 ወር የባንክ ታሪክ አዘጋጅ። ትናንት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ትልቅ ገንዘብ ወዲያው ያስታውቃል፣ ጥያቄም ያስነሳል።

ሦስተኛው ጆይንት ስፖንሰር ነው። ይህ ሰው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር መሆን አለበት። ዘመድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ትልቁ ስህተት ግን የሱን ገቢ ከአንተ ጋር መደመር ነው። ጆይንት ስፖንሰር ለብቻው፣ ለራሱ ቤተሰብና ለሚመጣው ሰው የሚበቃ ገቢ ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ከባለቤቱና ከአንድ ልጁ ጋር የሚኖር ወንድምህ ለእናትህ ቢፈርም፣ አራት ይሆናሉ፤ 40,187 ዶላር ያስፈልገዋል። አንተም ገቢህ ባይበቃም የራስህን I-864 መፈረምህ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም በሙሉ ተጠያቂ ናችሁ። ግማሽ ግማሽ የሚባል ነገር የለም።

አራተኛ መንገድ ብለው የሚመክሩህ ይኖራሉ፦ «በሚቀጥለው ታክስ ላይ ማይል አታስቆጥር፣ ትርፍህ ከፍ ይላል» ይሉሃል። አታድርገው። የራስ ሥራ ያለው ሰው እውነተኛ ወጪውን ሳያስመዘግብ ትርፉን ማሳበጥ አይፈቀድለትም። ያለፈውን ሪተርን ማስተካከል የሚቻለው እውነተኛ ስህተት ካለበት ብቻ ነው። ማይሉን ያለ መዝገብ በግምት ጽፈህ ከሆነና ከነዳኸው በላይ ከሆነ፣ ያን ማስተካከል ተገቢ ነው፣ የሚመጣውን ታክስም ትከፍላለህ። ለወላጆችህ ስትል የሌለ ገቢ መፍጠር ግን የእነሱንም ቪዛ፣ የአንተንም ስም አደጋ ላይ ይጥላል።

ቁጥሩ ስለሞላ ብቻ ቪዛ አለ ማለት እንዳልሆነም ልንገርህ። ቆንስሉ አመልካቹ የመንግሥት ሸክም ይሆን እንደሆነ ሲመዝን፣ ዕድሜን፣ ጤናን፣ የቤተሰብ ሁኔታን፣ ሀብትን፣ ትምህርትና ሙያን ያያል። የ71 ዓመት ሰው ስኳርና ደም ግፊት ካለባቸው ጥያቄው ይጠነክራል። ስለዚህ በድንበሩ ላይ በጥቂት ዶላር ከማለፍ ትንሽ ትርፍ ይዞ መቅረብ ይሻላል። ገቢው አጠራጣሪ ከሆነባቸው በኢንተርቪው ቀን ለወላጅህ 221(g) የሚል ወረቀት ይሰጧቸዋል፣ የጎደለው ምን እንደሆነም ይጻፍበታል። ይህ የመጨረሻ እምቢታ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጆይንት ስፖንሰር አምጡ ወይም አዲስ ታክስ አቅርቡ ማለት ነው፣ ለዚህም አንድ ዓመት ጊዜ አለህ። ወላጆች ግን ወረቀቱን «ተከለከልን» ብለው ወስደው፣ አዝነው ቤት ይቀመጣሉ። ቀድመህ ንገራቸው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ያን ዕለቱን ይላኩልህ።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ እንምጣ። 5 ዓመት ያለው ከ1996ቱ የዌልፌር ሕግ የመጣ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት አዲስ ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አብዛኛውን በገቢ የሚሰጥ የፌዴራል እርዳታ፣ ሜዲኬድን፣ ፉድ ስታምፕን፣ አያገኝም። የአንተ ፊርማ የሚያበቃበት ቀን ግን ይህ አይደለም። እንዲያውም ፊርማህ በእርዳታ ጉዳይ ላይ በዋናነት መሥራት የሚጀምረው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። እናትህ ያኔ ለእርዳታ ሲያመለክቱ የአንተና የባለቤትህ ገቢ እንደ እሳቸው ገቢ ይደመርባቸዋል። እጃቸው ላይ አንድ ዶላር ባይኖርም፣ በወረቀት የአንተ ገቢ አላቸው፣ ስለዚህ «አይመለከትዎትም» ሊባሉ ይችላሉ። በዕለት ተዕለት ኑሮ የፊርማው ክብደት በዋናነት የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ፣ በገቢ የሚሰጥ እርዳታ የሰጣቸው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ካንተ መጠየቅና መክሰስ ይችላል። የድንገተኛ ሕክምና ሜዲኬድ ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም፤ እናትህ ታመው ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ በፊርማዬ ይመጣብኛል ብለህ እንዳትፈራ።

ታዲያ መቼ ነው የሚያበቃው? ግዴታው ያለ ቀን ገደብ ይቀጥላል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ብቻ ያበቃል፦ ወላጅህ ዜጋ ሲሆኑ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲሞላላቸው፣ ግሪን ካርዳቸውን ትተው አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ከአገር የማስወጣት ክስ ላይ እያሉ በአዲስ የስፖንሰር ፊርማ እንደገና ግሪን ካርድ ሲያገኙ፣ ወይም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስታርፉ። መፋታት፣ መጣላት፣ ሥራ ማጣት፣ ከቤት መውጣት ከእነዚህ ውስጥ የሉም።

ይህን በእናትህ ዕድሜ ላይ አስላው። በ68 ዓመታቸው ገቡ እንበል። በ5 ዓመት ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ፣ በ73። ግን እንግሊዝኛ ይፈተናሉ። ዕድሜ ብቻውን ከፈተና ነፃ አያወጣም። በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተን የሚችሉት 55 ዓመት አልፏቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ ከኖሩ ነው። ያ ማለት 83 ዓመታቸው ነው። የማስታወስ ችግር ወይም መማርን የሚከለክል ሌላ የጤና ጉዳይ ካለ ሐኪም N-648 ሞልቶ ቀደም ብሎ ነፃ ሊያወጣቸው ይችላል፤ «አርጅተዋል» ብቻ የሚል ማስረጃ ግን ተቀባይነት የለውም። አባትህማ 15 ዓመት ሲሞላቸው 87 ይሆናሉ። እንግዲህ ጓደኛህ 5 ያለው፣ በአንተ ቤት በቀላሉ 15 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

የሥራው መንገድስ? አንድ ሩብ ለማግኘት በ2025 1,810 ዶላር መሥራት ነበረበት፣ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ትንሹ 10 ዓመት ነው። አባትህ ጤነኛ ከሆኑና ፓርኪንግም ይሁን ሌላ ቀላል ሥራ፣ በ2025 ተመን በዓመት 7,240 ዶላር ከሠሩ አራቱም ሩብ ይሞላላቸዋል። በጋብቻ ላይ እያሉ የሠሩት ለእናትህም ይቆጠርላቸዋል። የአንተ ሥራ ግን ለእነሱ አይቆጠርም። ብዙ ሰው ልጅ ለወላጅ የሚቆጠር ይመስለዋል፤ ሕጉ የሚቆጥረው ከወላጅ ወደ ልጅ ነው፣ እሱም ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተሠራውን።

ሌላም አለ። ወላጅህ ራሳቸው ሊከሱህ ይችላሉ። I-864 ውል ነው፤ ወላጅህ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ያላነሰ ኑሮ እንዲኖራቸው ቃል ትገባለህ። በ2025 መለኪያ ለአንድ ሰው 19,562 ዶላር በዓመት ማለት ነው። ከአንተ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ የሚኖሩ ወላጆች ይህ አይታያቸውም፤ ቤትና ምግቡም ከዚያው ይታሰባል። ክርክር የሚነሳው ቤተሰብ ሲለያይ ነው። ፍርድ ቤት የሚደርሱት ብዙዎቹ የተፋቱ ባልና ሚስቶች ናቸው፤ በ2012 የ7ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስፖንሰር የተደረገው ሰው ሥራ አልፈለገም ተብሎ የስፖንሰሩ ግዴታ አይቀነስም ብሎ ወስኗል። በአዲስ አበባ ባህል እናት ልጇን ትከሳለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ግን ወንድምህን ጆይንት ስፖንሰር ስታደርገው፣ ባለቤትህን ስታስፈርማት፣ እነሱም ይህንኑ ውል እየገቡ መሆኑን ሳይነግሯቸው ማስፈረም ትክክል አይደለም።

እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሕክምና ነው። ስፖንሰር የሆነን ሰው በተግባር የሚያናጋው ከመንግሥት የሚመጣ ክስ ሳይሆን የሆስፒታል ሂሳብ ነው። ወላጆችህ እንደገቡ ሜዲኬር አያገኙም። 65 ዓመት ያለፈው ግሪን ካርድ የያዘ ሰው 5 ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ በኋላ በክፍያ መግባት ይችላል። ክፍያው ቀላል አይደለም። በ2025 የሥራ ታሪክ ለሌለው ሰው ክፍል ኤ በወር 518፣ ክፍል ቢ 185 ዶላር ነበር። ለሁለት ሰው 1,406 ዶላር በወር ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ያለው ዋና መንገድ የማርኬትፕሌስ ኢንሹራንስ ነው። ግሪን ካርድ ይዘው በገቡ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላሉ፣ ያ ጊዜ ካለፈ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። የቲኬት ቀን ስትቆርጥ የምዝገባውንም ቀን ቁረጥ። በታክስህ ላይ ጥገኛ አድርገህ ካስገባሃቸው ለዋጋ ቅናሹ የሚታየው የመላው ቤተሰብ ገቢ ነው፣ የአንተም ጭምር። ድሮ አንዳንዱ ወላጆቹን ለብቻቸው ያስመዘግብና በዜሮ ገቢ ቅናሽ ያገኙ ነበር፤ ገቢያቸው ከድህነት መለኪያው በታች ለሆነ አዲስ ግሪን ካርድ ያዢዎች ያ መንገድ ከ2026 ጀምሮ ተዘግቷል። ምዝገባው በተቃረበ ጊዜ ሁለት ሦስት ፕላን አወዳድር። ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አትይ፣ በዓመት ከኪስ የምትከፍለውን ጣሪያም እይ። የአባትህ መድኃኒት ዝርዝር ውስጥ መኖሩንም አረጋግጥ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? I-130ውን ለሁለቱም አሁን አስገባ። በኢንተርኔት ለእያንዳንዳቸው 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ገቢህ እዚህ ደረጃ ላይ አይጠየቅም፤ I-864 የሚመጣው ማመልከቻው ጸድቆ ወደ ቪዛ ማዕከል ሲሄድ ነው። ያ ጊዜ ለአንተ እረፍት ሳይሆን ማዘጋጃ ነው። ማይልህን በየቀኑ መዝግብ። ታክስህን በሰዓቱ አሠራ፤ ያልተሠራ ዓመት ካለ ከአሁኑ ዝጋው። የአይአርኤስ ትራንስክሪፕት አውርደህ መስመር 9ን ራስህ እይ፣ ታክስ የሠራልህን ሰው ቃል ብቻ ይዘህ አትቀመጥ። ባለቤትህ የሥራ ደብዳቤ ታውጣ። ለሁለቱም የሚበቃ ካልሆነ እናትህን ወይም አባትህን ለይቶ ማስቀደም ይቻላል፣ ግን ያስታውስህ፣ የሁለተኛው ቆጠራ ስድስት ይሆናል። በእኔ እይታ የአንተ ቤት ሁለቱንም አብሮ ለማምጣት ከ17,185 ዶላር ቁጠባ ወይም ከባለቤትህ ትንሽ የሰዓት ጭማሪ የራቀ አይደለም።

ወላጆችህ ከገቡ በኋላ ደግሞ ቤት በለወጥክ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ I-865 የሚባለውን ፎርም ሞልተህ አዲሱን አድራሻህን ማስታወቅ አለብህ። ካላስታወቅህ ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ቅጣት አለው፤ ወላጅህ እርዳታ እየተቀበሉ መሆኑን እያወቅህ ከሆነ እስከ 5,000 ይደርሳል። የእነሱ የአድራሻ ለውጥ ማስታወቂያ ሌላ ነው፣ የአንተን አይተካም። ባለቤትህም ሆነች ጆይንት ስፖንሰር የሆነ ሰው የፈረሙትን ቅጂ ይያዙ። ግዴታው ባለቀ ቀን፣ ማለትም ወላጅህ የዜግነት ሰርተፍኬት በያዙ ቀን፣ የሰርተፍኬቱን ቅጂ ከዚያ ፋይል ጋር አስቀምጥ። የቀረ ጥያቄ ካለህ፣ የታክስህን መስመር 9 እና እስካሁን የፈረምክላቸውን ሰዎች ቁጥር ጻፍልኝ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቼ እመልስልሃለሁ።